ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ፎቶው የማያሳየው የእንጉዳይ ክፍል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አካባቢ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ግቢያችን ሣር ላይ ነጫጭ ትላልቅ እንጉዳዮች ወጥተዋል። ባለቤቴ ገጠር ስታድግ ከኩይሳ ላይ የሚለቀመውን እንጉዳይ ትበላ ስለነበር «ይሄም ያው ነው» ትላለች። በስልኬ መተግበሪያ ፎቶ አንስቼ ሳየው «የሚበላ» የሚል መልስ ሰጠኝ። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ። 4 እና 9 ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉን። ጠብሰን ብንበላው ችግር አለው?

መልስ፦ አትብሉት። ፎቶውን በደንብ አይቼዋለሁ፤ ጥራቱ ጥሩ ነው፣ ብርሃኑም በቂ ነው። ነገር ግን የሚበላውን ከመርዛማው የሚለዩት ምልክቶች ፎቶው ውስጥ የሉም። ይህን የምለው ለጥንቃቄ ያህል ብቻ አይደለም። ምልክቶቹ የት የት እንዳሉ ላሳይዎት።

ከባለቤትዎ ልምድ ልጀምር፤ እውነተኛ እውቀት ነውና። ከኩይሳ የሚወጣው እንጉዳይ የሚበላ ነው፤ ምስጦቹ ከመሬት በታች ራሳቸው የሚያለሙት ዓይነት ነው። ዋናው መለያው ግን ከመሬት በላይ አይታይም። እግሩ እንደ ሥር ቀጥኖና ረዝሞ ወደ ታች ይወርድና የምስጦቹ ጎጆ ድረስ ይደርሳል። ቆቡ መሐል ላይ ሾጠጥ ያለ ጫፍ አለው፤ ከቆቡ የሚራገፈው ብናኝ ዘር ደግሞ ወደ ሮዝ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ነው። ባለቤትዎ በልጅነቷ ስትለቅም ቦታውን ታውቀዋለች፣ ወቅቱን ታውቀዋለች፣ በእጇ ቆፍራ ታወጣዋለች፣ ታሸተዋለች፣ አጠገቧም ያንኑ እንጉዳይ ዕድሜውን ሁሉ የለቀመ ሰው ነበር። እርስዎ ግቢ ሣር ላይ ስትደርስ ከዚያ ሁሉ ውስጥ በእጇ የቀረው መልኩ ብቻ ነው። ፎቶም የሚይዘው ያንኑ መልክ ነው።

በሞቃትና ዝናባማ አገሮች ከሰው ቤት ሣር ላይ የሚበቅል፣ ብዙ ሰውም የሚታመምበት አንድ መርዛማ እንጉዳይ አለ። በሳይንስ ስሙ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ ይባላል። ቆቡ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ቡናማ ቅርፊት መሰል ነገር ይበታተንበታል፤ እግሩ ላይ ቀለበት አለው። የእርስዎ እንጉዳይ እሱ ነው ማለቴ አይደለም፤ በፎቶ ይህንንም ማለት አልችልም። ከሚበሉት ትላልቅ ነጭ እንጉዳዮች የሚለየው በዘሩ ቀለም ነው፤ ዘሩ አረንጓዴ ነው። ገና በወጣበት ቀን ግን ዘሩ አልበሰለም። ስለዚህ ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ክፍሎች በዚያን ጊዜ ንጹሕ ነጭ ናቸው። ዛሬ ጠዋት የተነሣው ፎቶ ነጭ ያሳያል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ያው እንጉዳይ ከሥሩ አረንጓዴ ይሆናል። ሰው ደግሞ የሚለቅመው ለጋውን፣ ያላረጀውን ነው፤ ማለትም ምልክቱ ገና ያልወጣበትን።

የዘሩን ቀለም ማወቅ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እግሩን ከቆቡ ሥር ቆርጦ ያስወግዳል፤ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ቆቡን ገጾቹ ወደ ታች እንዲሆኑ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ነፋስ እንዳይበትነው ብርጭቆ ይደፋበታል፤ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ያህል ጊዜ ይጠብቃል። ወረቀቱ ሁለት ቀለም የሚሆነው ነጭ ዘር በነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው። ከዚያ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ወረቀቱንም ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያኖረዋል። አረንጓዴ ከወጣ ጉዳዩ አለቀ፤ መርዛማ ነው። አረንጓዴ አልወጣም ማለት ግን ይበላል ማለት አይደለም። ይህ ፈተና ለመጣል እንጂ ለመብላት አይረዳም። ምክንያቱም ከሁሉ የከፋው እንጉዳይ ዘሩ ነጭ ነው፤ ዘራቸው ነጭ የሆነ የሚበሉ እንጉዳዮችም አሉ።

ያ የከፋው አማኒታ ፋሎይደስ ይባላል። መሠረቱ የአውሮፓ ነው፤ ከዛፍ ችግኝ ሥር ጋር ተጉዞ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ገብቷል። በመርዝ የሚመስሉት ሌሎች እንጉዳዮችም አሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ትናንሽና ቡናማ ስለሆኑ ማንም ልብ አይላቸውም። የአማኒታ ዋና መለያ እግሩ ሥር ያለች ከረጢት መሰል ነጭ ሽፋን ናት። ሽፋኗ አፈር ውስጥ ተቀብራ ትቀራለች። እንጉዳዩን በቢላ ከመሬት በላይ የቆረጠ ሰው መለያውን እዚያው አፈር ውስጥ ትቶት ይመጣል፤ ከላይ ፎቶ ያነሣ ሰውም እንዲሁ። በአውስትራሊያዋ ካንቤራ ከተማ ውስጥ 2012 መባቻ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ሰዎች የሞቱት ይህንኑ እንጉዳይ በልተው ነው። በእስያ ሰዎች የሚያውቁት፣ እግሩ ሥር ከረጢት ያለው የሚበላ እንጉዳይ ስላለ፣ አገር ቀይረው የሄዱ ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ። የባለቤትዎ ጉዳይም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ትክክለኛ እውቀት ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው።

ስለ መተግበሪያውም ልንገርዎ። አውስትራሊያ ውስጥ የመርዝ መረጃ ማዕከል ባለሙያዎች ሦስት የእንጉዳይ መለያ መተግበሪያዎችን ማንነታቸው በታወቀ 78 ናሙናዎች ፈትነው ነበር። የተሻለው በትክክል የለየው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። መተግበሪያው ፎቶውን ቀድሞ ካከማቻቸው ፎቶዎች ጋር ያነጻጽርና በጣም የቀረበውን ስም ይሰጣል። የእኛ አገር እንጉዳይ ክምችቱ ውስጥ ከሌለ ከሌላ አገር የሚመስለውን ያመጣል። ሽታ አያውቅም፣ ሲቆረጥ ቀለሙ መለወጡን አያይም፤ የስልኩ ካሜራም ጥላ ውስጥ ነጩን ቢጫ ወይም ሰማያዊ እያደረገ ራሱ ያርመዋል። ሐኪምም ሆነ የእንጉዳይ ባለሙያ በፎቶ ብቻ «ብላ» ቢልዎት ከመተግበሪያው የተሻለ አላደረገም።

መጥበስ መርዙን ያጠፋው ይሆን ለሚለው፣ የአማኒታ መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ በመቀቀል፣ በማድረቅ፣ በማቀዝቀዝም አይጠፋም። ጣዕሙም አያስጠነቅቅም፤ የበሉና በሕይወት የተረፉ ሰዎች ጥሩ ይጣፍጥ ነበር ይላሉ። ትል በልቶታል፣ ከብት ነክሶታል፣ የብር ማንኪያ አላጠቆረም የሚባሉት መፈተኛዎችም አይሠሩም፤ መርዙ የሰውን ጉበት የሚጎዳበት መንገድ ለትሉ ጉዳዩ አይደለም። አንድ መካከለኛ እንጉዳይ አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል። የ4 ዓመት ልጅዎ ክብደት 15 ኪሎ ቢሆን፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ላይ ጉዳት ከሚያደርሰው ሩቡ ለእሱ ይበቃዋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ እንዲያስታውሱት የምፈልገው የሰዓቱ ነገር ነው። አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ላይ በላ እንበል። በሣር ላይ በሚወጣው አረንጓዴ ዘር ባለው እንጉዳይ ከሆነ፣ ማታ 2 እና 4 ሰዓት መካከል ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ደም ይኖረዋል። ያስፈራል፣ ልጅንም ውኃ አሳጥቶ ሊጎዳ ይችላል፤ ግን ፈሳሽ በወቅቱ ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይሻላቸዋል። በአማኒታ ከሆነ ግን ሌሊቱን ሁሉም በሰላም ይተኛሉ። ቁርጠቱና ተቅማጡ የሚመጣው ቢያንስ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ለምሳሌ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ። እሑድን በሙሉ ይታመማሉ። ሰኞ ይሻላቸዋል፣ ምግብ ይጠይቃሉ፣ ቤተሰቡም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። በዚያ ቀን ጉበታቸው እየሞተ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ይደማሉ፣ ይቃዣሉ፤ ያኔ ወደ ሐኪም ቤት መምጣት ዘግይቷል። ስለዚህ ከበሉ ከ6 ሰዓት በኋላ የጀመረ ትውከት ቶሎ ከጀመረው ይልቅ ያስፈራኛል። ቶሎ የጀመረም ቢሆን አያዘናጋዎት፤ አንድ ድስት ውስጥ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።

ማንም ሰው ያልታወቀ እንጉዳይ ከበላ፣ ባይታመምም እንኳ፣ ወዲያው ወደ ሐዋሳ ሪፈራል ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይውሰዱት። መኪና ከሌለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በጣት አያስመልሱ፣ ወተትም አያጠጡ። የነቃና መዋጥ የሚችል ከሆነ በመንገድ ላይ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ ይስጡ። የምድጃ ከሰል ፈጭተው አይስጡ፤ ሆስፒታል የሚሰጠው የከሰል መድኃኒት ሌላ ነው። አብሮ የበላ ሁሉ አብሮ ይምጣ፤ ደህና ነኝ ያለውም ጭምር።

ከእንጉዳዩ የተረፈውን ይዘው ይምጡ፤ ጥሬው ካለ ከእነ ሥሩ ቆፍረው፣ ከሌለ ከድስቱ ውስጥ ያለውን። ጥሬውን ፕላስቲክ ውስጥ አይክተቱት፣ ይበሰብሳል፤ በወረቀት ይጠቅልሉት። ለሐኪሙ በትክክል የሚነገሩት ሁለት ሰዓቶች ናቸው፤ የበሉበትና መታመም የጀመሩበት። ፎቶም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ፣ ከሥሩ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ የተነሣ ፎቶ ለባለሙያ ቢላክ ፍንጭ ይሰጣል። ሆስፒታል ውስጥ የጉበትና የደም መርጋት ምርመራ ተደርጎ ከሰዓታት በኋላ እንዲደገም ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው ውጤት ደህና ሊሆን ስለሚችል፣ በእሱ ብቻ ወደ ቤት አይመለሱ።

ግቢዎ ላይ ያሉትን ግን ዛሬውኑ በጓንት ወይም በፌስታል እጅዎን ሸፍነው ከሥራቸው ነቅለው ይጣሏቸው፤ ለከብት ወይም ለዶሮ አይስጡ። መንካት አይመርዝም፤ ጓንቱ ልጆቹ ከእጅዎ ምግብ ስለሚቀበሉ ነው። ዝናቡ እስኪያበቃ ድረስ ጠዋት ጠዋት፣ ልጆቹ ሣሩ ላይ ከመውጣታቸው በፊት፣ ግቢውን ዞር ዞር ብለው ይዩ፤ በአንድ ሌሊት አዲስ ይወጣል። እንጉዳይ ካማራችሁ በምርት ቤት የለማውን ከገበያ ይግዙ።