የዩቲዩብ ሾርትስ እና ረጅም ቪዲዮ ገቢ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አጭር ቪዲዮዬን ብዙ ሰው አየው። ጥቂት ሰው ያየው ረጅሙ ግን የበለጠ ከፈለኝ። ለምን?

መልስ፦ ማስታወቂያው የት እንደሚወጣ ይመልከቱ። በረጅሙ ላይ ማስታወቂያው የሚወጣው በእርስዎ ቪዲዮ ላይ ነው፤ ከገቢውም 55 በመቶው ለእርስዎ ይደርሳል። ቪዲዮው 8 ደቂቃ ከሞላ መሃል ላይም ማስገባት ይቻላል። የሾርትስ ማስታወቂያ ግን በአንዱና በሌላው ቪዲዮ መካከል ስለሚመጣ የማንም አይደለም። ስለዚህ ከጥር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ገቢው በየወሩ በአንድ ቋት ተሰብስቦ ይከፋፈላል።

ለስሌቱ ያህል፣ በአንድ አገር ገቢ የሚጋሩ ሰዎች ሾርትስ 100 ሚሊዮን ጊዜ ታይቶ 100 ሺህ ዶላር ተሰበሰበ እንበል። ለሙዚቃ ባለመብቶች 10 ሺህ ወጥቶ 90 ሺህ ቀረ። ከእይታው 1 ሚሊዮኑ የእርስዎ ከሆነ ድርሻዎ 900 ዶላር ነው፤ ከዚህ 45 በመቶው፣ ማለትም 405 ዶላር ይከፈልዎታል። እይታንና ገቢን አታምታቱ!

አንድ አባል፦ ዘፈን የተጠቀመ ሰው ደግሞ ክፍያው በግማሽ ይቀንሳል። እኔ ለዚህ ስል ዘፈን ትቻለሁ።

መልስ፦ ግማሹ የሚነሣው ከእርስዎ ክፍያ አይደለም። አንድ ዘፈን ካለ በዚያ ቪዲዮ እይታ ከተገኘው ገቢ ግማሹ፣ ሁለት ካሉ ሁለት ሦስተኛው ወደ ሙዚቃው ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ገንዘቡ ቋት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ዘፈን ተጠቀሙም አልተጠቀሙም የእርስዎ 45 በመቶ አይነካም።

ያው አባል፦ እንግዲያው የሌላውን ዘፈን እኔ እየከፈልሁ ነው! ይህ ፍትሕ ነው?

ሌላ አባል፦ ዘፈኑ ባይኖር ተመልካቹስ ይመጣ ነበር?

መልስ፦ ክርክራችሁን ቀጥሉ፤ እኔ ወደ ጥያቄዎቹ ልመለስ።

ጥያቄ፦ አልጎሪዝሙን እንዴት ላሸንፍ?

መልስ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። የትኛው ቪዲዮ? ምን አጋጠመዎት?

ጥያቄ፦ በሾርትስ ያገኘኋቸው ተመዝጋቢዎች ረጅሙን አይከፍቱልኝም።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። በሾርትስ ገጽ ላይ ቪዲዮው ራሱ ስለሚመጣ ተመልካቹ አልመረጠዎትም፤ የሚለካው ቆየ ወይስ አሳልፎ ሄደ የሚለው ነው። ረጅሙን ግን ርእሱንና የፊት ምስሉን አይቶ ራሱ መክፈት አለበት። ሁለቱ የተለያዩ ልማዶች ናቸው። ምስሉ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሶ የሚከፍተው ካነሰ ችግሩ ርእሱና ምስሉ ጋ ነው። ከፍተው መጀመሪያው ላይ ከወጡ ደግሞ ርእሱ ቃል የገባውን መግቢያዎ አዘግይቶታል። ከሾርትሱ ላይ ተያያዥ ቪዲዮ ብለው ያንኑ ጉዳይ የሚቀጥለውን ረጅም ቪዲዮ ያገናኙ፤ ሌላ ጉዳይ ከሆነ ግን አይከፍቱትም።

ጥያቄ፦ ሾርትስ የታየበት ሰዓት የማስታወቂያ ገቢ ለመጋራት ለሚጠየቀው 4,000 የእይታ ሰዓት ይቆጠራል?

መልስ፦ በሾርትስ ገጽ የታየው አይቆጠርም። በሾርትስ የሚገባ ሰው ከ1,000 ተመዝጋቢ ጋር በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ቲክቶክስ?

መልስ፦ በሽልማት ፕሮግራሙ ከአንድ ደቂቃ በታች የሆነ ቪዲዮ አይከፈልበትም። የቀረውን እዚያ የሚሠራ ይመልስ።

ጥያቄ፦ አንድ ሚሊዮን እይታ ስንት ይከፍላል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ሳያነቡ አይጠይቁ። እይታንና ገቢን አታምታቱ። ከመጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ሾርትሱ በተጀመረ ቁጥር እይታ ይመዘገባል፤ ክፍያው የሚሰላው ግን ሰው ቆይቶ ባየው ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ከትንተና ገጹ ላይ ያምጡና እንነጋገር።