ረጅሙ ሥራ ሁልጊዜ ወሳኙ ሥራ አይደለም፦ ከአንድ የምንጭ ውሃ ግንባታ የተወሰደ መልስ

ጥያቄ፦ «ለአንድ አነስተኛ የመጠጥ ውሃ ሥራ፣ ሥራዎቹን በቅደም ተከተላቸው በቀስት የሚያያይዝ ኔትወርክ ዲያግራም ሠርቻለሁ። ክሪቲካል ፓዙ ረጅም ቀን የሚወስደው ሥራ ያለበት መስመር ነው ማለት ነው? ፍሎት የሚባለውስ ለእኔ ለአስተባባሪው ምን ይነግረኛል?»

ጤና ይስጥልኝ። በጎጃም፣ በሞጣ አካባቢ ባስተባበርሁት አንድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ብመልስልዎ ይሻላል ብዬ አሰብሁ፤ እኔም ያን ጊዜ ዕቅዱን ስይዝ ዓይኔ ያረፈው ረጅሙ ሥራ ላይ ነበርና።

ሥራው ከተራራ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ በሳጥን ሰብስቦ ወደ ማጠራቀሚያ፣ ከዚያም በቧንቧ ወደ ቦኖዎች ማድረስ ነበር። መጀመሪያ ቦታውን ማስተካከልና ድንጋይና አሸዋ ማቅረብ 5 ቀን ይወስዳል። ይህ ሲያልቅ ሦስት ሥራዎች ሊጀመሩ ይችላሉ፤ እነርሱም 8 ቀን የሚወስደው የምንጩ መሰብሰቢያ ሳጥን፣ 15 ቀን የሚወስደው የማጠራቀሚያው ግንባታ እና 10 ቀን የሚወስደው የቧንቧ ቦይ ቁፋሮ ናቸው። ማጠራቀሚያው ከተገነባ በኋላ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየትና አንድ ቀን ተሞልቶ አለማፍሰሱ መታየት ስላለበት 8 ቀን ይጠብቃል። ቧንቧውን ከባሕር ዳር ገዝቶ ማምጣት ማንንም ሳይጠብቅ ከመጀመሪያው ቀን የሚነሣ ሲሆን 18 ቀን ይፈጃል። ቧንቧው ሲደርስና ቦዩ ሲያልቅ ዝርጋታው 6 ቀን ይወስዳል። በመጨረሻም ሳጥኑ፣ የተፈተሸው ማጠራቀሚያና የተዘረጋው መስመር ሦስቱም ሲሟሉ ማገናኘቱ፣ መስመሩን ማጠቡና በክሎሪን ማከሙ 3 ቀን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ረጅሙ 18 ቀን የሚወስደው ግዢ ነው፤ ስለዚህም በየቀኑ ስደውል የነበረው ወደ አቅራቢው ነበር። ክሪቲካል ፓዝ ግን የአንድ ሥራ ርዝመት ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተያይዘው ከሚሄዱት የሥራ ሰንሰለቶች ድምሩ የሚበልጠው ነው። በዚህ ዲያግራም ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶች አራት ብቻ ስለሆኑ በጣት መደመር ይቻላል። በግዢና በዝርጋታ በኩል ያለው 18፣ 6 እና 3 ተደምሮ 27 ቀን ነው። በቦይ ቁፋሮ በኩል ያለው 24፣ በሳጥኑ በኩል ያለው 16 ቀን ነው። በማጠራቀሚያው በኩል ያለው ግን 5፣ 15፣ 8 እና 3 ተደምሮ 31 ቀን ይሆናል። ሥራው ከ31 ቀን በፊት አያልቅም፤ ክሪቲካል ፓዙም ይኸው የማጠራቀሚያው መስመር ነው፤ ረጅሙ ሥራ በዚህ መስመር ላይ ጨርሶ የለም።

ሰንሰለቶቹ ሲበዙ አንድ በአንድ መደመር ስለማያዋጣ ስሌቱ በሁለት ጉዞ ይሠራል። ወደፊት ሲሄዱ ለእያንዳንዱ ሥራ ቀድሞ ሊያልቅ የሚችልበትን ቀን ይጽፋሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች በሚገናኙበት ቦታ የሚወስዱት ትልቁን ቁጥር ነው፤ ቀጣዩ ሥራ የመጨረሻውን መጪ መጠበቅ አለበትና። ወደኋላ ሲመለሱ ከ31 ተነሥተው፣ ጠቅላላውን ሳያዘገይ እያንዳንዱ ሥራ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ መቼ ሊያልቅ እንደሚችል ይጽፋሉ፤ ከአንድ ሥራ ብዙ መስመሮች በሚወጡበት ቦታ ደግሞ የሚወስዱት ትንሹን ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወደኋላ ሲመለስም ትልቁን ይይዛል። ስህተቱ የሚታወቀው መነሻው ላይ ሲደርሱ ነው፦ የመጀመሪያው ወሳኝ ሥራ ዘግይቶ የሚጀመርበት ቀን ዜሮ ካልሆነ አንድ ቦታ የተያዘው ቁጥር ትክክል አይደለም። አንድ ሥራ ቀድሞ ሊያልቅ በሚችልበትና ዘግይቶ ሊያልቅ በሚችልበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ፍሎት ይባላል። በእኛ ሥራ ግዢው 4 ቀን፣ ዝርጋታው 4 ቀን፣ ቦዩ 7 ቀን፣ ሳጥኑ 15 ቀን ፍሎት ሲኖራቸው በማጠራቀሚያው መስመር ላይ ያሉት ሁሉ ዜሮ ነበሩ።

አሁን ፍሎት ለአስተባባሪ ምን ይነግረዋል ወደሚለው ልምጣ። የነበረን የግንበኛ ቡድን አንድ ብቻ ነበር። የቡድኑ ኃላፊ ከሳጥኑ መጀመር አለብን አለ፤ ውሃው የሚመጣው ከምንጩ ስለሆነ ከምንጩ መጀመር ለማንም የሚታይ ቅደም ተከተል ነው፤ የውሃ ኮሚቴውም በዚሁ ተስማማ። እኔ ግን የሳጥኑን 15 ቀን ፍሎት አይቼ ነበርና አብረን እንድናሰላው ጠየቅሁ። ግንበኞቹ ከሳጥኑ ቢጀምሩ በ13ኛው ቀን ይጨርሱታል፤ ማጠራቀሚያው ከዚያ ተነሥቶ በ28ኛው ያልቃል፤ ከመጠበቂያው ጋር 36 ይደርሳል፤ ሥራው በሙሉ በ39ኛው ቀን ይጠናቀቃል። ከማጠራቀሚያው ቢጀምሩ ግን በ20ኛው ቀን ያንን ጨርሰው፣ ማጠራቀሚያው በሚጠብቅባቸው 8 ቀናት ውስጥ ሳጥኑን ይገነባሉ፤ በ28ኛው ቀን ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። ያለ አንድ ተጨማሪ ሰውና ያለ አንድ ብር ወጪ የ8 ቀን ልዩነት ነው። ኃላፊው ቁጥሩን በመሬት ላይ በእንጨት ስጽፍለት ካየ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ከዚህ እንደሚያዩት፣ የሳጥኑ 15 ቀን ፍሎት የሚናገረው ሳጥኑ ቀላል ሥራ መሆኑን ሳይሆን፣ ሁለት ሥራ በአንድ ቡድን ላይ ሲወድቅ የትኛው እንደሚጠብቅ ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን እኔ ዋጋ የከፈልሁበት ነው። ለአቅራቢው 4 ቀን ቢዘገይ ችግር እንደሌለው ነገርሁት። ለዝርጋታ ሠራተኞቹም እንዲሁ 4 ቀን ቦታ እንዳላቸው ነገርኋቸው፤ በወረቀቴ ላይ ከሁለቱም ሥራዎች ጎን 4 ተጽፎ ነበርና። የሳትሁት ነገር ያ 4 ቀን የሰንሰለቱ እንጂ የእያንዳንዱ ሥራ የግል ሀብት አለመሆኑን ነው። ቧንቧው 4 ቀን ዘግይቶ በ22ኛው ቀን ደረሰ፤ በዚያች ሰዓት ለዝርጋታው የቀረው ፍሎት ዜሮ ሆነ። ሠራተኞቹ ግን የተነገራቸውን አምነው ለ3 ቀን ወደ ሌላ ሥራ ሄደው ነበርና ዝርጋታው በ28 ፈንታ በ31ኛው ቀን አለቀ። ማጠራቀሚያው በቀኑ ደርሶ ሳለ ውሃው በ34ኛው ቀን ተለቀቀ። ጥፋቱ የሠራተኞቹ ሳይሆን የእኔ ነበር፤ አንዱን 4 ቀን ለሁለት ወገን ሰጥቼዋለሁና።

ይህን ለመለየት ከጠቅላላው ፍሎት ጎን ሌላ ቁጥር መጻፍ ይበቃል፤ ፍሪ ፍሎት ይሉታል፤ ቀጣዩን ሥራ ቀድሞ ሊጀመር ከሚችልበት ቀን ሳያንቀሳቅስ አንድ ሥራ ብቻውን ሊዘገይ የሚችልበት መጠን ነው። የግዢው ጠቅላላ ፍሎት 4 ቢሆንም ፍሪ ፍሎቱ ዜሮ ነው፤ አንድ ቀን በዘገየ ቁጥር ዝርጋታውን አንድ ቀን ይገፋዋልና። ቦዩ ካለው 7 ቀን ውስጥ 3ቱ የራሱ ናቸው፤ የቀሩት 4 ከዝርጋታው ጋር የጋራ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ ለማንም ሠራተኛ የምናገረው ፍሪ ፍሎቱን ብቻ ነው፤ የጋራውን ራሴ ይዤ፣ አንድ ሥራ ባለቀ ቁጥር ቀሪውን እንደገና አሰላለሁ። ዲያግራሙ በተሠራበት ቀን የነበረው ክሪቲካል ፓዝ እስከ መጨረሻው በዚያው ይቆያል ብሎ ማመን ስህተት መሆኑን ያሳየኝ ያ 22ኛው ቀን ነው፤ በዚያን ቀን ማለዳ ዲያግራሙን እንደገና አስልቼ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ወሳኝ መስመር መወለዱን አይ ነበር።

ሥራውን ማፋጠን ሲያስፈልግም መልሱ ከዚሁ ቁጥር ይገኛል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በዱፖንትና በሬሚንግተን ራንድ ኩባንያዎች ባለሙያዎች ሲቀመር አንዱ ዓላማው ይኸው ነበር፤ ሁሉንም ሥራ በአንድነት ከማጣደፍ ይልቅ ገንዘቡ ቀን የሚያሳጥርበትን ሥራ ለይቶ ማወቅ። በእኛ ሥራ ቦይ ቆፋሪ ቢጨመር አንድም ቀን አይገኝም። ለማጠራቀሚያው ግንበኛ ተጨምሮ 15ቱ ቀን ወደ 11 ቢወርድ ጠቅላላው 27 ይሆናል። ከዚያ በታች ግን ማጠራቀሚያውን ብቻ ማፍጠን ዋጋ የለውም፤ የግዢው መስመርም 27 ስለሆነ ሁለቱም እኩል ወሳኝ ይሆናሉና፣ አንድ ቀን ለመቀነስ በሁለቱም በኩል መክፈል ይኖርብዎታል። የሲሚንቶው መጠበቂያ ደግሞ በገንዘብ የሚያጥር አይደለም፤ ማጠራቀሚያው ቶሎ ከተሞላ ልስኑ ይሰነጠቅና ማፍሰሱ የሚታወቀው ሁሉ ከተገናኘ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። ከላይ ያሉት ቀናት የሥራ ቀናት ናቸው። ገበሬው በእሑድ ብቻ ሳይሆን በወሩ 12፣ 21፣ 27 እና 29 ቀን፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለምና በበዓለ ወልድ፣ መሬት አይቆፍርም፤ ስለዚህ የ10 ቀን ቦይ በቀን መቁጠሪያ ላይ ከ10 ቀን በላይ ይይዛል። ሲሚንቶ ግን በበዓልም ይጠነክራል፤ የሚያስፈልገው ውሃ የሚያጠጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። በመጠበቂያው ውስጥ ሁለት የበዓል ቀናት ቢገቡ 8ቱ ቀን በሥራ ቀን ሲቆጠሩ 6 ብቻ ይሆናሉ። ይህን ያየ ሰው ጠቅላላው ወደ 29 ወረደ ብሎ ሊደሰት ይችላል፤ ነገር ግን ግንበኞቹ በዚያ ጊዜ ሳጥኑን እየሠሩ ነው፤ ሳጥኑም 8 የሥራ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራው አሁንም 31 ቀን ነው፤ ወሳኙ መስመር ግን ከማጠራቀሚያው መጠበቂያ ወደ ሳጥኑ ተዛውሯል፤ 15 ቀን ፍሎት ነበረው ወዳልነው ሥራ ማለት ነው። በዲያግራምዎ ላይ አንድ ቡድን የሚጋራቸው ሥራዎች ካሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት ስበው ሁለቱን ጉዞ እንደገና ይሥሩ፤ ፍሎት ብለው የጻፉት ቁጥር ከቀስቱ በኋላ ምን እንደሚሆን ያያሉ።