ለቬንደር የጂራ ፈቃድ መስጠትና የሥራውን ሁኔታ በእውነት ማወቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲስተም ለሚሠራልን ድርጅት ሠራተኞች ጂራ ላይ አካውንት ከፈትንላቸው፤ አሁን የፋይናንስ ክፍልን ፕሮጀክት ጭምር እያዩ ነው። ምን አጠፋን?

መልስ፦ አካውንቶቹን ሠራተኞቻችሁ ሁሉ በሚገቡበት ግሩፕ ውስጥ ከታችኋቸው ይሆናል። በብዙ ቦታ Browse Projects የሚባለው ፈቃድ ለዚያ ግሩፕ ወይም ለገባ ሰው ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለቬንደሩ ወደ ጂራ መግባት ብቻ የሚያስችል የራሱ ግሩፕ አቋቁሙለት፤ ከነባሩ ግሩፕ አስወጡት፤ በአንዱ ፕሮጀክት ላይም የተለየ ሮል ስጡት። የሌሎቹ ፕሮጀክቶች ፈቃድ ለገባ ሰው ሁሉ ክፍት ከሆነ ግን ያ ካልተዘጋ ግሩፑን መለየት ብቻውን አይጠቅምም። በመጨረሻ በሙከራ አካውንት ገብታችሁ የሚታየውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ለአምስት ሰው አንድ የጋራ አካውንት አትስጡ፤ ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳየው ታሪክ ዋጋ ያጣል።

ጥያቄ፦ ቬንደሩ ሥራውን Done ይለዋል፤ ስንፈትሸው አይሠራም። የእኛ ልጆች Done ሲሉ ግን አልቋል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ሪፖርት እንዴት እናወዳድር?

መልስ፦ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ወርክፍሎው ይሥሩ፤ ቬንደሩ ቲኬቱን Ready for Acceptance እስከሚባል ደረጃ ብቻ ያድርስ፤ ከዚያ ወደ Done የሚያሻግረው ግን የእናንተ ፈታሽ ብቻ ይሁን። ይህን በስምምነት ሳይሆን በወርክፍሎው ላይ ሽግግሩን ለአንድ ሮል ብቻ በሚፈቅድ ደንብ እሰሩት። የእናንተም ልጆች በዚያው በር ይለፉ፤ አለዚያ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይሆንም።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ቬንደሩ የክፍያ ሪፖርት ሥራን ሰኞ ጀምሮ ሐሙስ ለርክክብ አቀረበ፤ ፈታሹ ያየው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነበር፤ ድምሩ ስለተዛባም መለሰው። ቬንደሩ ረቡዕ አርሞ አቀረበ፣ ሐሙስ ጸደቀ። ቬንደሩ «በሦስት ቀን ጨረስኩ» ይላል፤ እናንተ «አሥር ቀን ፈጀበት» ትላላችሁ። የቲኬቱ ታሪክ ግን አራት ቀን በእሱ እጅ፣ ስድስት ቀን በእናንተ እጅ እንደነበረ ያሳያል። ስለዚህ መወዳደር ያለበት በየደረጃው የቆየበት ጊዜና ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ነው።

ደረጃው ለአሥር ቀን ሳይቀየር ቆሞ የቀረውን ሥራ ለማግኘት ደግሞ ይህን ተጠቀሙ፤ በVND ፋንታ የራሳችሁን ፕሮጀክት ቁልፍ አስገቡ፦

```
project = VND AND status = "In Progress" AND NOT status CHANGED AFTER -10d
```

updated በሚለው አትፈልጉ፤ «እየሠራን ነው» የሚል አንድ ኮሜንት ቀኑን ያድሰዋል።

አንድ አባል፦ እኛ ፐርሰንት እናስሞላቸዋለን፤ ሳምንታዊ ሪፖርት ላይ ከስታተስ ይልቅ ለአለቃ ይገባል።

መልስ፦ ለአለቃ ይገባ ይሆናል። ዘጠና ፐርሰንት ላይ ሳምንታት የሚቆይ ሥራ ግን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቁጥሩን የሚሞላው የሚገመገመው ወገን ራሱ ነው።

ሌላ አባል፦ እኔ የምሠራው በቬንደር በኩል ነው። ይህ ሁሉ እኛን ሌባ ማድረግ አይደለም? ደንበኞቻችን ፈተና ሳያደርጉ ሁለት ሳምንት ያስቆዩናል፤ ቅጣቱ ግን በእኛ ላይ ይወድቃል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምሳሌውን ደግመህ አንብበው። ከአሥሩ ቀን ስድስቱን በደንበኛው ላይ ነው የቆጠርኩት። የመጠበቂያው ደረጃ የራሱ ስም ሲኖረው ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው አንተን ነው።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ ቅጣቱን በውሉ ላይ ከዚህ ቁጥር ጋር ማያያዝ ይቻላል?

መልስ፦ የሕግ ክፍላችሁን ጠይቁ።

አንድ አባል፦ ቁጥሩ ከገንዘብ ጋር ሲያያዝ ቬንደሩ ቁጥሩን ማሳመር ይጀምራል። የእኛው የተመለሰበትን ቲኬት ይዘጋና በአዲስ ቁጥር ይከፍታል፤ ዕድሜው ከዜሮ ይጀምራል።

መልስ፦ ትክክል ነው፤ ዋናው ማጭበርበሪያ ይህ ነው። ሥራ ተትቷል ብሎ የሚዘጋው ሽግግርም በእናንተ እጅ ይሁን፤ የመሰረዝ ፈቃድም አትስጡ፤ ቲኬት ሲሰረዝ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል። ቅጣትን በተመለከተ ግን እኔም እጠራጠራለሁ፤ ከቁጥሩ ጋር ካልተያያዘም ሥራውን ችላ የሚሉ ቬንደሮች አሉ።

ጥያቄ፦ በነፃው ጂራ ይህን ሁሉ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ የፕሮጀክት ፈቃድ በነፃው አይቀየርም። ቬንደር ካላችሁ ክፈሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቬንደሩ ሁሉንም ፕሮጀክት እንዳያይ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። ግሩፕ፣ ሮል፣ የሙከራ አካውንት። እዚያ ላይ ሞክረው አልሆን ያለውን ደረጃ ለይተው ይጻፉልኝ እንጂ «አልሠራም» ብቻ ካሉኝ ልረዳዎት አልችልም።