ከብሎንድ ወደ ጥቁር ቡናማ፦ መጀመሪያ ቀዩን መልሺለት

«ሰላም እህቴ። ፀጉሬን ብሎንድ ካስደረግኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። አሁን ወደ ራሴ ጥቁር ቡናማ መመለስ እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ብሎንዷ ላይ ቡናማ ቀለም ቤቷ ተቀብታ፣ ሁለት ሦስቴ ስትታጠብ ጭቃ መሰለ፤ ጫፉማ አረንጓዴ ሆነ። የኔ ሥሩ አራት ጣት ያህል አድጓል፣ ጫፉ በጣም የነጣ ቢጫ ነው። ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅ ‹መጀመሪያ ቀይ እንቀባዋለን› ብላኝ ፈራሁ። እኔ ቀይ መሆን አልፈልግም። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ያቺ ልጅ ሥራዋን ታውቃለች። ቀዩ ከቡናማው ሥር የሚገባ መደብ ነው እንጂ ይዘሽው የምትወጪው ቀለም አይደለም። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ሲገባሽ ፍርሃቱም ይለቅሻል።

ብሎንድ የሆንሽበትን ቀን አስታውሺ። ብሊቹ እንደተቀባ ፀጉርሽ ወዲያው ቢጫ አልሆነም። መጀመሪያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወርቅማ እያለ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ የሙዝ ልጣጭ ውስጡን መሰለ። ያ ሁሉ ቀለም ከራስሽ ፀጉር የወጣ ነው። የኛ ፀጉር ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ቀይ አለው። ካደገው ሥርሽ አንዲት ዘለላ ይዘሽ ፀሐይ ላይ ብታዪያት ቀላ ትልብሻለች። ጫፍሽ ላይ ግን ብሊቹ ቀዩንም ብርቱካናማውንም አሟጦ ወስዶታል። የቀረሽ ቢጫ ብቻ ነው።

ቡናማ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሲገናኙ የሚወጣ ቀለም ነው። ጥቁር ቡናማ ቀለም፣ በተለይ አመድማ የሚባለው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ይበዛበታል። የፀጉሩን ቀይ እንዲያቀዘቅዝ ታስቦ የተቀመመ ነው። አንቺ ጋ ሲመጣ የሚያቀዘቅዘው ቀይ የለም። ቢጫ ላይ ያርፋል፤ ቢጫና ሰማያዊ ደግሞ ምን እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ። ጓደኛሽ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የመጀመሪያ ቀን ቡናማ መስሎ የታየው ቀለሙ ገና ወፍራም ስለነበር ነው። ብሊች ያየ ፀጉር ቀለም ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይለቃል። ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ቀለሙ ሳሳና ከሥር ያለው ቢጫ ወጣ።

ገና ለማጅ ሳለሁ እኔም አጥፍቻለሁ። የሠርግ ዋዜማ ላይ የመጣች ሚዜ ብሎንዷ ላይ አመድማ ቡናማ ቀባሁባት። ታጥባ ካስክ ውስጥ ስትገባ ጥሩ ነበር። ደርቆ መስኮቱ ጋ ስትቆም ግን ጫፉ የደረቀ ጎመን መሰለ። ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የዚያ ቀን አለቃዬ መዳብማ ቀይ በጥብጣ ከላይ ቀባችበት፤ በአሥር ደቂቃ አረንጓዴው ጠፋ። ቀይ አረንጓዴን ይገድለዋል። ለጓደኛሽም መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ቡናማ ብትደራርብበት ጭቃው ይብሳል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ልክ እንዳንቺ ያለ ፀጉር ሠርቻለሁ። ትከሻ የሚነካ፣ ሥሩ የራሷ፣ መሐሉ ወርቅማ፣ ጫፉ የነጣ ቢጫ። የሠራሁትን እንዳለ ልንገርሽ፤ ለባለሙያሽ አሳዪያት።

ቁጥሮቹን ለማንበብ፦ ቱቦው ላይ ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ጥቁረቱን ነው የሚናገረው። 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም የነጣ። ከነጥቡ በኋላ ያለው የቀለሙን ፀባይ ይነግርሻል። በብዙ ዓይነቶች .0 የተፈጥሮ፣ .1 አመድማ፣ .3 ወርቅማ፣ .4 መዳብማ፣ .6 ቀይ ነው። ቁጥሩን ለየት አድርጎ የሚጠቀም ፋብሪካም ስላለ የተጻፈውን ስምም አንብቢ።

የፈለገችው 4 ነበር። ለመደቡ 6 ወሰድኩ፤ መደብ ከመጨረሻው ቀለም ነጣ ማለት አለበት፣ አለዚያ ሁለቱ ተደራርበው ጥቁር ይሆናሉ። ለመሐሉ 6.4 ቀባሁ። ጫፉ ምንም ስላልቀረው 6.46 ሰጠሁት፣ ማለትም መዳብ ላይ ቀይ የታከለበት። ቀለሙ አሞኒያ የሌለው፣ ቀስ እያለ የሚለቅ ዓይነት ነው። የበጠበጥኩት በ1.9 በመቶ ኦክስጅን ነው፣ አንድ እጅ ቀለም ለሁለት እጅ ኦክስጅን። የምናነጣው ነገር ስለሌለ ጠንካራ ኦክስጅን አያስፈልግም። 6 በመቶው፣ 20 ቮልዩም የሚባለው፣ የራስሽን ሥር ከነካው ያቀላዋል፤ ከዚያ ሥርሽ ከጫፍሽ ቀልቶ ይቀራል።

20 ደቂቃ ያህል ካቆየሁት በኋላ በውኃ ብቻ አለቀለቅሁት። ሻምፑ የለም፣ ኮንዲሽነር የለም። በፎጣ አድርቄ አየሁት። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። ፀጉሩ ዶሮ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት መምሰል አለበት፤ ቀላ ያለ፣ የሚያበራ ብርቱካናማ። መስታወት ውስጥ ስታዪው እንዳትጮኺ። ቢጫ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ግን እዚያ ላይ መደቡ ይደገም፤ ነገ አረንጓዴ የሚሆነው እሱ ቦታ ነው።

ከዚያ ቡናማው። 4 ብትፈልግም የቀባሁት 5.0 ነው። የተጎዳ ፀጉር ቀለም ስለሚጠጣ አንድ ደረጃ ጠቁሮ ይወጣል። አመድማ፣ ማለትም .1 ያለበት፣ ፈጽሞ አልነካሁም፤ ያስገባሁትን ቀይ መልሶ ይበላዋል። ኦክስጅኑ ያው 1.9 በመቶ ነው። የራሷን ሥር አልቀባሁም፤ መገናኛው ላይ ብቻ በጣቴ አዋሃድኩት። በየአምስት ደቂቃው አንዲት ዘለላ በፎጣ እየጠረግሁ አየሁ። ገና ያልተጠረገ ቀለም ጠቁሮ ስለሚታይ በሱ አትፍረጂ። በ20 ደቂቃ ደረሰልኝ። ካደረቅሁት በኋላ ሥሩና ጫፉ ተመሳሰለ፤ መስኮት ጋ ስናየው ጫፉ ላይ ደስ የሚል ቀይ ቡናማ ብልጭታ ነበረው።

ይህን ሁሉ መላው ፀጉርሽ ላይ ከመጀመርሽ በፊት፣ ከማጅራትሽ በኩል አንዲት ዘለላ ላይ ሁለቱንም ደረጃ ሞክሩት። ከጆሮሽ ኋላም ትንሽ ቀለም ተቀብተሽ 48 ሰዓት ጠብቂ፤ ካሳከከሽ ወይ ካበጠ ይቅርብሽ። ፀጉርሽ እርጥብ ሆኖ ስትስቢው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ አይዝለትም። መጀመሪያ ያንን ጫፍ ተቆረጪ፣ ለቀሪው ትሪትመንት ይሠራለት።

«ሂና ቀይ ስለሆነ መደብ አይሆነኝም?» የሚሉኝ አሉ። ገበያ ላይ በሂና ስም ከሚሸጠው ውስጥ የብረት ጨው የተቀላቀለበት አለ። እሱ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ፀጉሩን ያግለዋል፣ ይበጣጥሰዋል። ምን እንዳለበት የማታውቂውን ዱቄት ከዚህ ሥራ አርቂው። ጥቁር ቀለም ቀብቶ መገላገልም ያጓጓል፤ ነገር ግን ጥቁር ባዶ ፀጉር ላይ ሲሳሳ እሱም ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ለማንሳት ደግሞ ከቡናማው ይብሳል።

ከተቀባሽ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አትታጠቢ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ፣ ሰልፌት በሌለው ሻምፑ ታጠቢ። ፒያስትራ ባትነኪው ደስ ይለኛል፤ ሙቀቱ ቀለሙን ያሳሳዋል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ጫፍሽ መሳሳቱ አይቀርም። ሲሳሳ ወደ መዳብማ ካደላ መደቡ ይዟል ማለት ነው፤ 5.0ን ለ10 ደቂቃ ብቻ መድገም ይበቃል። ወደ ቢጫ ካደላ ግን ቡናማውን ከመድገምሽ በፊት መዳብማውን ድገሚው።