ከአሥር ካርታ ሰባቱ ሜጀር ሲሆኑ

«ትናንት ማታ ለራሴ በታሮት ካርታ ሴልቲክ ክሮስ የሚባለውን ባለ አሥር ቦታ ዘርጋ ዘረጋሁ። ከአሥሩ ካርታ ሰባቱ ሜጀር አርካና ሆኑብኝ። ነገሩ ከእጄ ወጥቷል፣ ተወስኖ አልቋል ማለት ነው? እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ።»

ወደ ትርጉሙ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካርታው አዲስ ነው ወይ? አዲስ የታሮት ካርታ ከካርቶኑ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ 22ቱ ሜጀሮች፣ ማለትም እንደ ግንብና ጨረቃ የየራሳቸው ስም ያላቸው ዋና ካርታዎች፣ በቁጥራቸው ተራ አንድ ላይ ተደርድረው ነው የሚገኙት። 56ቱ ማይነሮችም በየወገናቸው፣ ዋንጫው ከዋንጫ፣ ሰይፉ ከሰይፍ ጋር ተሰብስበው ይቀመጣሉ። እንዲህ የተደረደረ ካርታ በእጅ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ከተበወዘ ሜጀሮቹ እንደ ተያያዙ ይቀራሉ፤ አንዱ ሲወጣ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ይመጣል።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ካርታ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሳቢያን በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት፣ ለአክስቴ ልጅ ዘረጋሁለት። ላብ የነካው ካርታ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ እኔ የበወዝኩ ሲመስለኝ ሁለት ሦስቱ ተለጣጥፈው አብረው ይዞሩ ነበር። ግንብ፣ ኮከብ፣ ጨረቃ ተከታትለው ሲወጡ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ትልቅ መናወጥ እንደሚመጣበት ነገርኩት፤ እሱም ሊፈርመው የነበረውን የብድር ውል አቆየው። በማግስቱ ካርታዎቹን ስሰበስብ ነው ቁጥራቸውን ያየሁት፦ 16፣ 17፣ 18። ከካርቶኑ በወጡበት ተራ ነበር የወጡት። የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ ይህን እያነሣ ይስቅብኛል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርታ ሲሆን ሁሉንም ፊታቸውን ደፍቼ ጠረጴዛ ላይ በትኜ፣ በሁለት መዳፌ ሁለት ሦስት ደቂቃ አማስላቸዋለሁ፤ ከዚያ ሰብስቤ እበውዛለሁ። አሮጌ ካርታም ቢሆን ካለፈው ንባብ በኋላ ሜጀሮቹን አንድ ላይ ሰብስበን ከላይ የመመለስ ልማድ ስላለን ያው ችግር ይደርስበታል። እርስዎም የወጡትን ሜጀሮች ቁጥር ይመልከቱ። ሦስት አራቱ ተከታታይ ከሆኑ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አበዋወዙ ነው።

አበዋወዙ ደህና ነበር እንበል። ከ78 ካርታ 22ቱ ሜጀር በመሆናቸው ከአሥር ካርታ ሦስት ያህል ሜጀር መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ከአሥር ዘርጋ በአንዱ ገደማ ያጋጥማል፤ ስለዚህ አምስት ሜጀር አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ሰባትና ከዚያ በላይ ግን ከ240 ዘርጋ አንዴ ያህል ብቻ ስለሚያጋጥም ልብ ማለት ተገቢ ነው። በሦስት ካርታ ለሚያነቡ ደግሞ ሁለቱ ሜጀር ቢሆኑ ተራ ነገር ነው፤ ሦስቱም ሜጀር የሚሆኑት ከሃምሳ አንዴ ነው። (በ22ቱ ብቻ የሚያነቡ ሰዎች ይህ ቆጠራ አይመለከታቸውም።)

በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደው አነባበብ «ሜጀር ከበዛ ዕጣ ፈንታ ነው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሜጀር ሲበዛ የሚጠቁመው ጉዳዩ ከተጠየቀው ጥያቄ የሰፋ መሆኑንና ብዙው ክፍሉ ከጠያቂው የዕለት ሥራ ውጭ መሆኑን ነው። የሚወስነውም ብዛታቸው ብቻ ሳይሆን የወደቁበት ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ቀፊራ ውስጥ በተከራየችው ክፍል ልብስ እየሰፋች የምትሸጥ እኅት «ሱቁን ልቀጥል ወይስ ትቼ አዲስ አበባ እኅቴ ጋ ልሂድ?» ብላ ጠየቀችኝ። በደንብ ከተበወዘ ካርታ እንዲህ ወጣላት። አሁን ያለችበት፣ ግንብ። የሚሻገራት፣ ፍትሕ። ከበላይ፣ ኮከብ። ከሥር፣ ንጉሠ ነገሥቱ። ያለፈው፣ ስድስት ዋንጫ። የሚቀርበው፣ የዕድል መንኮራኩር። እሷ ራሷ፣ ስምንት ሳንቲም። ዙሪያዋ፣ ሊቀ ካህናቱ። ተስፋና ፍርሃቷ፣ ሁለት በትር። መጨረሻው፣ ሞት። እንደ እርስዎው ሰባት ሜጀር ነው።

ሞትን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እኔ ግን እጄን ያሳረፍኩት ፍትሕ ላይ ነበር፤ «በዚህ ጉዳይ ውስጥ ክስ አለ?» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ቤቱ የውርስ መሆኑን፣ የሟቹ ልጆች እርስ በርስ ተካሰው ፍርድ ቤት መቅረባቸውን፣ ሽማግሌ ገብቶም እንዳልታረቁ ነገረችኝ። ለእኔ ያልነገረችኝ የእሷ ክስ ስላልሆነ ነው። ከሥር የወጣው ንጉሠ ነገሥት ያን ቤት የሠራው አባት፣ ዙሪያዋ የወጣው ሊቀ ካህናት ሽማግሌዎቹ ሆነው ታዩን። እዚህ ላይ ካርታው የማላውቀውን ገለጠ አልልም፤ ሴትዮዋ የምታውቀውን ነገር እንድትናገር በር ከፈተ እንጂ።

አሁን ቦታዎቹን እንይ። ከሰባቱ ሜጀሮች አንዱም «እሷ ራሷ» በሚለው ሰባተኛ ቦታ ላይ አልወደቀም፤ ዘጠነኛውም፣ ማለትም ተስፋና ፍርሃቷ፣ ማይነር ነው። ወጀቡ ያለው ቤቱና ባለቤቶቹ ዘንድ ነው። በእሷ ቦታ የወጣው ስምንት ሳንቲም፣ በተለመደው የ1909 ሥዕል ላይ ቁጭ ብሎ ሳንቲም የሚቀርጸው ሙያተኛ ነው። ይህ ሙያዋ ነው፤ ሙያ ደግሞ የውርስ ክስ የለበትም፣ በስፌት መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ዘጠነኛው ቦታ ላይ ያለው ሁለት በትር በቅጥሩ ላይ ቆሞ ሩቅ የሚያይ ሰው ነው፤ ልቧ ሁለት ቦታ መሆኑን ከጥያቄዋም ስናውቀው ነበር። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የወጣውን ሞት ያነበብኩላት የዚያች ክፍል ኪራይ ማብቃት ብዬ ነው፤ የሰው ሞት ወይም የሥራዋ ማክተም አላልኳትም። ጥያቄዋንም አብረን ቀየርነው፦ «ሱቁን ልቀጥል ወይ» መባሉ ቀርቶ «ክፍሏ ብትወሰድ ሥራዬን ወዴት አዛውራለሁ» ሆነ።

ከወራት በኋላ ከዚራ በኩል ጠበብ ያለች ክፍል ተከራይታ መኪናዋን እዚያ ተከለች። ክሱ ግን በዚያን ጊዜም አላለቀም ነበር፤ የሚቀርበው ቦታ ላይ የወጣው የዕድል መንኮራኩርም እኔ በጠበቅሁት ጊዜ አልዞረም። በጊዜ ግምት ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ።

ሜጀሮቹ ሰባተኛውንና ዘጠነኛውን ቦታ ቢይዙ፣ ዙሪያውም በማይነር ቢሞላ፣ አነባበቤ ተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ዓለሙ እንደ ተለመደው እየሄደ ጠያቂው በውስጡ እየተለወጠ ነው ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሰው ስለ ቤትና ስለ ኪራይ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ሥዕላቸው ተዘቅዝቆ የወጡ ካርታዎችን በተመለከተ፣ ሜጀር በበዛበት ዘርጋ ለብቻቸው ትርጉም አልሰጣቸውም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ሰባት ሜጀር አስደንግጦዎት ያንኑ ጥያቄ በዚያው ማታ ደግመው አይዘርጉ። ሁለተኛው ዘርጋ ሦስት ሜጀር ቢያመጣ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ከሁለቱ ደስ ያለዎትን መርጠው ይተኛሉ እንጂ።

የእርስዎን ሦስት ማይነሮች ስምና የወደቁበትን ቦታ ቢጽፉልኝ፣ በተለይም ሰባተኛው ላይ ምን እንደወጣ ቢነግሩኝ፣ ከዚህ በላይ መናገር እችላለሁ።