«ጠፋሁብሽ» ወይስ «ተጠፋፋን»?

ጥያቄ፦ አብራኝ ከተማረችና ፒያሳ አብረን ካደግን ጓደኛዬ ጋር ከተገናኘን ሰባት ዓመት ሆነን። አልተጣላንም፤ እንዲሁ ቀረ። ቁጥሯን ሰሞኑን አገኘሁና ይህን ጻፍኩ፦ «ሰላም፣ ይቅርታ በጣም ጠፋሁብሽ። ሥራ በዝቶብኝ፣ እናቴም ታማብኝ፣ ስልክሽም ጠፍቶብኝ ነበር። እንዳትቀየሚኝ።» አንብቤው ከበደኝና ሳልልከው ተውኩት። አማርኛው ነው ወይስ እኔ ነኝ? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አማርኛው ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ በመልእክትዎ ውስጥ አራት ጊዜ የተመላለሰች አንዲት ፊደል ናት። ጠፋሁብሽ፣ በዝቶብኝ፣ ታማብኝ፣ ጠፍቶብኝ። በሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አራት «ብ» ገብቷል።

ይህች «ብ» «በ» የሚለው መስተዋድድ ወደ ግሱ ገብቶ ነው። ተቃራኒዋ ከ«ለ» የመጣችው «ል» ናት። ዳኛ «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» ሲባል ያለው ልዩነት በእነርሱ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነው፤ ግሱ አንድ፣ ዳኛውም አንድ። «ል» ነገሩ ለሰውየው መሆኑን ትናገራለች፤ «ብ» በእርሱ ላይ መሆኑን። ስለዚህ «ጠፋሁ» ማለት አልታየሁም ማለት ብቻ ሲሆን «ጠፋሁብሽ» ግን መጥፋቴ ጎዳሽ ማለት ነው። ጓደኛዎ መጎዳቷን ሳትናገር እርስዎ ጉዳቱን ጽፈው ሰጧት። የቀሩት ሦስቱ «ብኝ»ዎች ደግሞ ተራውን ወደ እርስዎ ያዞሩታል፦ እኔም ተጎድቻለሁ ይላሉ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣ ሰላምታ የጉዳት ሒሳብ ማወራረጃ ሆነ። የከበደዎት ይህ ነው።

«ብ» ሁልጊዜ ወቀሳ ናት ማለቴ አይደለም። ሠፈራችን መብራት ሲጠፋ «ጠፋብን» እንላለን፤ ማንንም ይቅርታ አንጠይቅም፣ የሚጠይቀንም የለም። በር ላይ የተገናኘ ወዳጅ «ጠፋሽብኝ እኮ!» ብሎ ሲያቅፍ ደግሞ ፍቅር ነው። ግን እቅፉና ድምፁ ናቸው ቃሉን ያለሰለሱት። በስልክ መስኮት ላይ ፊደሉ ብቻውን ይቀራል። «ምነው ጠፋሽ» የሚለውንም በዚሁ ምክንያት በጽሑፍ አልመክርም።

«እንዳትቀየሚኝ» ላይ ብዙ አልቆይም። ላልተቀየመ ሰው ቅያሜን ማስታወስ ነው። ይሰርዙት።

አሁን ወደሚያምረው ክፍል ልምጣ። አማርኛ ለእርስዎ ጉዳይ የተዘጋጀ የሚመስል ግስ አለው፦ «ተጠፋፋን»። መጥፋት ተሳቢ የማይፈልግ ግስ ነው፤ ሰው ሌላውን ሰው «አይጠፋውም»። እርስ በርስ የሚደረግ ነገርን የሚገልጸው ቅርጽ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው አንዱ በሌላው ላይ ከሚያደርገው ድርጊት ነው፤ ተመታቱ፣ ተረሳሱ እንደምንለው። ቋንቋው ግን ይህን ብቻውን የሚቆም ግስ ወስዶ «ፋ»ን ደግሞ፣ «ተ»ን ከፊቱ አስቀምጦ የሁለት ሰዎች ነገር አደረገው። አንዷ ለሌላዋ ጠፋች፣ ሌላዋም ለእርሷ። አድራጊና ተደራጊ የሚለይበት ቦታ የለውም፤ ጥፋተኛ ለመፈለግ የሚነሳ ሰው በግሱ ውስጥ የሚይዘው አያገኝም። «ተነፋፈቅን» የሚለው ወንድሙም እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። እርሷ አምስት ጊዜ ደውላ እርስዎ ሳያነሱ ቀርተው ከሆነ «ተጠፋፋን» ውሸት ነው፤ ከውሸትም ይብሳል፣ ግማሹን ጥፋት ለእርሷ ማካፈል ነው። እንዲህ ከሆነ «ጠፋሁ» ይበሉ፤ «ብ» የሌለባት፣ ምክንያትም የማትጎትት ባዶ «ጠፋሁ»። ለቅሶዋ ላይ ሳይደርሱ ቀርተው እንደሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ የግስ ጨዋታ አይሠራም። በእኛ ሀገር ለቅሶ አለመድረስ ዕዳ ነውና መልእክቱን ትተው በአካል ይሂዱ፤ ይቅርታም ያን ጊዜ ቦታው ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ግን «እንዲሁ ቀረ» ነው።

ከ«ሰላም» ቀጥሎ ምን ይምጣ? እኔ «እንዴት ከረምሽ» እላለሁ። አማርኛ ሰላምታውን በመለያየት ርዝመት ይለካል። ለቀን «ዋልሽ»፣ ለሌሊት «አደርሽ»፣ ሰንበት ላለፈበት «ሰነበትሽ»፣ ክረምት ላለፈበት «ከረምሽ»። በጋውን ለቆየ «ባጀሽ» የሚሉም አሉ፤ ከተማችን ውስጥ ግን እምብዛም አይሰማም። «ከረምሽ» ከሦስት ወር ክረምት ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ ሁሉ ይበቃል፣ ለሰባት ዓመትም። ጊዜው መርዘሙን ያምናል፤ የሚጠይቀው ግን እንዴት እንደነበረ ነው፣ ለምን እንደረዘመ አይደለም። ማብራሪያውን ሁሉ አንድ ግስ ተሸከመልዎት ማለት ነው።

ቀጥሎ ለምን ዛሬ እንደጻፉ አንድ ተጨባጭ ነገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ተቀባይዋ «ምን ፈልጋ ይሆን?» ማለቷ አይቀርም። እዚህ ላይ «አስታወስኩሽ» ከማለት «ትዝ አልሽኝ» ይሻላል። በመጀመሪያው አስታዋሿ እርስዎ ነዎት፣ ስለዚህ ሰባቱን ዓመት የት ነበርሽ የሚል ጥያቄ ያስከትላል። በሁለተኛው የግሱ ባለቤት እርሷ ናት፤ ራሷ መጣች። «ናፍቀሽኛል»ም ያው ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን መልእክትዎን ብንጽፈው፦

«ሰላም፣ እንዴት ከረምሽ? ዛሬ በፒያሳ ሳልፍ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ኬክ የምንበላበት ቤት የቱ ጋ እንደነበር ልለይ ብዬ ቆምኩ፤ ተምታታብኝ። አንቺ ትዝ አልሽኝ። በጣም ተጠፋፋን። ሲመችሽ አንድ ቀን ቡና እንጠጣ።»

«ተምታታብኝ» ላይ «ብ» መኖሯን አይቻለሁ። ትቆይ። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ያልተምታታበት የለም፤ ወቀሳ ከሆነችም የምትወድቀው በመንገዱ ላይ ነው። «ስትፈልጊ» ያላልኩት ደግሞ በምክንያት ነው። «ስትፈልጊ» ካልን አለመመለሷ አለመፈለግ ይሆናል። በ«ሲመችሽ» ግን የሚመቸው ወይም የማይመቸው ጊዜው ነው፤ ዝም ብትል እንኳ አላስከፋችዎትም።

እናትዎ መታመማቸውን አወጣሁት። ይህ ቡናው ላይ፣ እርሷ «እማማ ደህና ናቸው?» ስትል የሚወራ ነው፤ ያን ጊዜ ምክንያት ሳይሆን ወሬ ይሆናል። የድሮ ደብዳቤ ጸሐፊዎች «እንደምን አለሽልኝ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ብለው ሲጀምሩ የራሳቸውን ችግር ወደ ኋላ ያቆዩት ነበር። ያቺን «ልኝ» ያስተውሏት፤ መኖርሽ ለእኔ ነው ትላለች። ዛሬ በስልክ ብንጽፋት ቀልድ ትመስላለች፤ ለቀልደኛ ጓደኛ ግን እኔ እጽፋታለሁ።

ጓደኛዎ ምናልባት «አንቺ! ጠፋሽ እኮ!» ብላ ትመልስልዎት ይሆናል። ማብራሪያ እየጠየቀች አይደለምና ሰባቱን ዓመት መዘርዘር እንዳይጀምሩ። ለ«ጠፋሽ» አማርኛ ያዘጋጀው መልስ አንድ ቃል ነው፦ «አለሁ»።