ከውክልና በኋላ ያለው ሥራ

«አባታችን ሰበታ ላይ በራሳቸው ስም ፈቃድ ያወጡበት የብረት በርና መስኮት ወርክሾፕ አላቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ልውጣ ብለው ሙሉ ውክልና ሰጥተውኛል። እናታችን አሉ፤ እህቴ ሂሳብ ትይዛለች፤ ወንድማችን ውጭ አገር ነው። ውክልናው ይበቃል?»

አይበቃም። ውክልናው የሚያገለግለው አባትዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካዩ ሲሞት በመርህ ደረጃ ይቋረጣል። ፈቃዱም የባንክ ሂሳቡም በእሳቸው ስም ስለሆነ፣ ወራሾች ከፍርድ ቤት ማስረጃ እስኪያመጡ ገንዘቡ አይንቀሳቀስም፤ የሠራተኛ ደመወዝና የላሜራ ዕዳ ግን አይጠብቅም።

እኛ የቤተሰባችንን የእንጨት ሥራ ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቀይረናል። የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ማኅበር ከ2 እስከ 50 አባላት ይፈቅዳል። በቅድሚያ የለየነው የእናታችንን ድርሻ ነበር፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ እንደሆነ ስለሚገመት፣ አባት ብቻቸውን ያከፋፈሉት ድርሻ ኋላ ክርክር ያስነሣል። ውጭ ያለው ወንድምዎም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን የሚሠራ ሰው ደመወዝ ከባለድርሻ ትርፍ ካልተለየ፣ እርስዎና እህትዎ በነጻ እንደምትሠሩ፣ እሱ ደግሞ እንደተዘረፈ ሊሰማችሁ ይችላል። አንዱ ልሽጥ ቢል ቅድሚያ የሚያገኘው ማን እንደሆነና ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ በመመስረቻ ጽሑፉ ይጻፍ።

የመውጣቱ ፍጥነት የሚለካው በፊርማ ነው። በእኛ ዘንድ በመጀመሪያው ዓመት የዕቃ ግዢና ደመወዝ ወደ እኔ ተላለፈ፤ ቀጥሎ የዱቤ ደንበኞች፤ በመጨረሻ ባንኩ። ከ200,000 ብር በላይ ያለው ቼክ የአባቴንም ፊርማ ይጠይቅ ነበር። ይህን ገደብ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ ብቻ አትተዉት፤ ሥራ አስኪያጅ ላይ የተጣለ የውስጥ ገደብ ሦስተኛ ወገንን ስለማያስር፣ ለባንኩም በጽሑፍ መድረስ አለበት። ርክክቡ መጓተቱን የሚያሳየው ምልክት ቀላል ነው፤ የብረት አቅራቢው ዕዳ ሲዘገይበት አሁንም የሚደውለው ለአባትዎ ከሆነ፣ ኃላፊነቱ ገና አልተላለፈም።

ብዙ አባቶች ወጥተው የሚመለሱት ግን በሥልጣን ፍቅር ብቻ አይመስለኝም፤ የኪስ ገንዘባቸው ከካዝናው ስለሚወጣ ጭምር ነው። ቦታውና ሕንጻው በአባትዎ ስም ከሆነ እዚያው ይቆይ፤ ማኅበሩ በጽሑፍ ውል ይከራየውና ወርኃዊ ኪራይ ይክፈላቸው። ግብር አለበት፤ ቢሆንም ሕንጻውን ወደ ማኅበሩ ከማዛወር ጣጣ ይቀላል፣ ገቢያቸውም የታወቀ ይሆናል።

ማኅበሩ የራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስለሚኖረው፣ የሁለቱ ሂሳብ እንዳይቀላቀል ሽግግሩን ሐምሌ 1 ላይ አድርጉት፤ የአባትዎ ፈቃድ የሚመለሰውም የግብር ክሊራንስ ከተገኘ በኋላ ይሁን።